ስለ መንገድ ሥራ ወርኃዊ መግለጫ

ነጋዴው የመንገድ ሥራ መግለጫ ሲደርሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የተጠረገውን ኪሎ ሜትር ነው። ነገር ግን ድልድዩ ካልቆመ የጭነት መኪና አያልፍም። ስለዚህ መሐንዲሱ እያንዳንዱን ሥራ ከጠቅላላው ዋጋ ባለው ድርሻ ይመዝነዋል።

ለምሳሌ ያህል የአፈሩ ሥራ ከዋጋው 30 በመቶ፣ የድልድዩ ሥራ 20 በመቶ ነው እንበል። እስከ ግንቦት መጨረሻ ከአፈሩ ሥራ 80 በመቶው እንዲፈጸም ታቅዶ 60 ቢፈጸም፣ ከጠቅላላው ሥራ 6 ነጥብ ይጐድላል። ከድልድዩም 50 ታቅዶ 35 ቢፈጸም ጉድለቱ 3 ነጥብ ነው።

ምክንያቱን «ዝናብ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ሆኖም የተለመደው ዝናብ በዕቅዱ አስቀድሞ የተቈጠረ ስለሆነ አያስመካም። በቂው ምክንያት ከዕለት መዝገብ ይወጣል፤ መኪናው በመለዋወጫ እጦት የቆመበት ቀን፣ ሲሚንቶው የዘገየበት ቀን፣ የባለይዞታው ካሣ ሳይከፈል መሬቱ ሳይለቀቅ የቆየበት ቀን። የመጨረሻው የአሠሪው ጉድለት በመሆኑ ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ ሊጠይቅበት ይችላል፤ በራሱ መኪና መሰበር ግን አይችልም።

ለነጋዴው የሚከብደው ትንሹ ቁጥር ነው። የአፈሩ 6 ነጥብ መኪና በመጨመር ይካካሳል። የድልድዩ መሠረት ግን ወንዙ በሐምሌ ከሞላ ውሃው እስኪጐድል ይቆያል፤ ጭነቱም እስከዚያው በአሮጌው መንገድ ይዞራል።