ሁለተኛው አጭር መረብ

ቼካዊው የሒሳብ ሊቅ ኦታካር ቦሩቭካ እ.ኤ.አ. በ1926 አንድ ዘዴ አሳተመ። ዘዴው የሞራቪያን ከተሞች በኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከሁሉም ያነሰውን የመስመር መረብ ያወጣል። በስሌቱ ውስጥ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር፦ ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት መስመሮች አይኖሩም። ይህ ከተሟላ አጭሩ መረብ ምንጊዜም አንድ ብቻ ነው። ርዝመቶች ሲመሳሰሉስ?

ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ የተባሉ አራት ከተሞችን እንውሰድ። ሊዘረጉ የሚችሉት መስመሮች አምስት ናቸው፦ «ሀ-ለ» 2 ኪሎ ሜትር፣ «ለ-ሐ» 3፣ «ሀ-ሐ» 5፣ «ሐ-መ» 7፣ «ለ-መ» 8። ከአጭሩ እየጀመርን፣ ቀለበት የሚሠራውን እየዘለልን ስንመርጥ 2፣ 3 እና 7 ይያዛሉ። ድምሩ 12 ነው።

አሁን አንዱ መስመር የሚያልፍበት መሬት ባለቤት እንቢ አለ እንበል። መሐንዲሱ ቀጣዩ አማራጭ ስንት እንደሚያስጨምር ማወቅ ይፈልጋል። መልሱ ያለው ከተጣሉት መስመሮች ዘንድ ነው። ከእነሱ አንዱን ወደ መረቡ ብናስገባ ቀለበት ይፈጠራል፤ ከዚያ ቀለበት ረጅሙን የቀድሞ መስመር እናወጣለን።

«ሀ-ሐ» ሲገባ ቀለበቱ ውስጥ የሚገኙት ነባር መስመሮች 2 እና 3 ናቸው፤ 3 ወጥቶ 5 ሲተካ 2 ኪሎ ሜትር ይጨመራል። «ለ-መ» ሲገባ ደግሞ 7 ይወጣል፤ ጭማሪው 1 ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው መረብ 13 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከተጣሉት ውስጥ አጭሩን፣ ማለትም 5ን፣ ያነሳል። ወሳኙ ግን የመስመሩ ርዝመት ሳይሆን በመተካቱ የሚመጣው ልዩነት ነው። ሁለት ወይም ሦስት መስመር በአንድ ጊዜ መለዋወጥም አያስፈልግም። ከአጭሩ መረብ በሁለት መስመር የሚለይ ማንኛውም መረብ፣ አንዱን ወደ ቦታው ቢመልስ ርዝመቱ አይጨምርምና።

ይኸው ስሌት ሌላም ጥያቄ ይመልሳል። የሁሉም የተጣሉ መስመሮች ልዩነት ከዜሮ በላይ ከሆነ አጭሩ መረብ አንድ ብቻ ነው። አንዱ እንኳ ዜሮ ከሆነ ግን እኩያ አለው። «ለ-መ» 8 መሆኑ ቀርቶ 7 ቢሆን ኖሮ 12 ኪሎ ሜትር የሚፈጁ ሁለት መረቦች ይገኙ ነበር። በአንጻሩ «ሀ-ለ» 3 ቢሆንና ከ«ለ-ሐ» ጋር ቢስተካከል ምንም አይለወጥም፤ ሁለቱም መረቡ ውስጥ ስለሚቀሩ የሚፎካከሩበት ነገር የለም። እኩል ቁጥር ስላየ ብቻ «መልሱ ሁለት ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል።

እኩያ ሲኖርና ከ12 በእርግጥ የሚበልጠው ቀጣይ መረብ ሲፈለግ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ዜሮ በሆነበት ቀለበት ውስጥ ከገባው መስመር የሚያንሰውን፣ ከእነዚህም ረጅሙን መያዝ ግድ ይላል። 7 የሆነው «ለ-መ» 3ን ሲተካ 4 ይጨምራል፤ «ሀ-ሐ» ግን 2 ብቻ ስለሚጨምር መልሱ 14 ይሆናል።