የጓሮ እንቁላል ዋጋ፦ ወጪውን እንዲሸፍን፣ ጎረቤትንም እንዳያርቅ

የመኖ ዋጋ በጨመረ ቁጥር በጓሯቸው እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን የሚያረቡ ሰዎች አጣብቂኝ ውስጥ ይገባሉ። ዋጋ ቢጨምሩ ሁለት ሦስት እንቁላል የሚገዛው ጎረቤት ፊቱን ወደ ሱቅ ያዞራል፤ ባይጨምሩ ደግሞ ድካማቸው ከንቱ ይሆናል። ከዚህ ለመውጣት አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ እንቁላል በትክክል ስንት ብር እንደሚያስወጣ ነው።

ለስሌት እንዲመች 50 የተሻሻለ ዝርያ ዶሮዎች ያሏትን አንዲት አርቢ እንውሰድ። ዋጋዎቹ ለምሳሌነት የቀረቡ በመሆናቸው ማንኛውም አርቢ በአካባቢው ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። አንዲት ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል መኖ ትመገባለች። ኪሎው 50 ብር ቢሆን የ50ዎቹ የወር መኖ 8 ሺህ 625 ብር ይፈጃል። ዶሮዎቹ በአማካይ በቀን 38 እንቁላል ቢጥሉና የተሰበረውና ለቤት የዋለው ቢቀነስ በወር 1 ሺህ 100 እንቁላል ለሽያጭ ይቀርባል። ስለዚህ የአንዱ እንቁላል የመኖ ወጪ 7 ብር ከ84 ሳንቲም ነው።

ብዙዎች ስሌታቸውን የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። አርቢዋም አንዱን በ10 ብር ብትሸጥ ከ2 ብር በላይ ያተረፈች ይመስላታል። ነገር ግን ያልተቆጠሩ ወጪዎች አሉ። 50ው ቄብ ዶሮዎች እያንዳንዳቸው በ600 ብር ተገዝተው፣ ከዓመት በኋላ የተረፉት 45ቱ በ350 ብር ቢሸጡ 14 ሺህ 250 ብር ይጎድላል። ይህ ለዓመቱ እንቁላል ሲካፈል 1 ብር ከ8 ሳንቲም ይደርሳል። ለመድኃኒት፣ ለጉዝጓዝ፣ ለመብራትና ለዶሮ ቤት ጥገና በወር 1 ሺህ 100 ብር ቢወጣ ሌላ 1 ብር ይጨመራል። የራሷ ድካም በቀን 60 ብር ቢታሰብ ደግሞ 1 ብር ከ64 ሳንቲም ይሆናል። ድምሩ 11 ብር ከ56 ሳንቲም ነው።

ስለዚህ በ10 ብር የምትሸጠው አርቢ ሳታውቀው እየከሰረች ነው። ኪሳራው ቶሎ አይታይም፤ መኖና ሌሎች ወጪዎች ከተከፈሉ በኋላ በየወሩ 1 ሺህ 275 ብር በእጇ ይቀራልና። የሚገለጠው ያረጁትን ዶሮዎች የምትተካበት ጊዜ ሲደርስ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመችው 15 ሺህ 300 ብር ሲሆን፣ ለመተኪያው 14 ሺህ 250 ብር ስታወጣ የዓመት ልፋቷ 1 ሺህ 50 ብር ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ወጪውን ሸፍኖ ጥቂት ለማትረፍ ዋጋው 13 ብር ሊሆን ይገባል። በአቅራቢያዋ ያለው ሱቅ በ12 ብር የሚሸጥ ከሆነ ግን ጎረቤት አይመጣም። በዚህ ጊዜ ዋጋን ከመጨመር ይልቅ ሳይጥሉ የሚበሉ ዶሮዎችን መለየት ይቀድማል። መጣል ያቆመች ዶሮ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፣ ይጨማደዳልም፤ በእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ በሚገኙት ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተትም ሁለት ጣት አያስገባም። እንዲህ ያሉ አምስት ዶሮዎች በወር ከ860 ብር በላይ መኖ ይፈጃሉ። እነርሱ ሲሸጡ የእንቁላሉ ቁጥር ሳይቀንስ የአንዱ ወጪ ወደ 10 ብር ከ78 ሳንቲም ይወርዳል። ያን ጊዜ በ12 ብር ሸጣ 1 ብር ከ22 ሳንቲም ታተርፋለች።

እንቁላልን በመጠን ለይቶ መሸጥም ይረዳል። ትንሹ 11 ብር፣ ትልቁ 13 ብር ቢባል፣ አቅሙ ያነሰ ጎረቤት ባዶ እጁን አይመለስም፤ የአርቢዋም አማካይ ዋጋ አይወርድም። ይህ የሚሠራው ግን ትልቁና ትንሹ በተመጣጣኝ ቁጥር ሲሸጡ ነው።

ፈታኙ ወቅት ጾም ነው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የኦርቶዶክስ አማኝ ጎረቤት እንቁላል አይገዛም፤ ዶሮዎቹ ግን መብላትም ሆነ መጣል አያቆሙም። በዚህ ጊዜ ዋጋ መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን በምሳሌያችን ከ8 ብር በታች መውረድ አይገባም፤ ይህ ገንዘብ የመኖና የመድኃኒት ወጪን ብቻ የሚመልስ ነውና። በ8 እና በ11 ብር መካከል መሸጥ ለጥቂት ሳምንታት ቢያሻግርም ዓመቱን ሙሉ ከቀጠለ ዶሮዎቹን ለመተካትና የድካም ዋጋን ለመሸፈን የሚበቃ ገንዘብ አይገኝም። ጾመኛ ላልሆኑ ቤተሰቦችና ለምግብ ቤቶች አስቀድሞ ማስማማት ቅነሳው እንዳይበዛ ያግዛል።

ዋጋ መጨመር ግድ ሲሆን ፈላጊው ከሚበዛበት ከፋሲካ በኋላ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ብር ሳይበልጥና ለደንበኛው ከሳምንት በፊት ተነግሮ ቢሆን ይመረጣል። ለዚህ ሁሉ መነሻው በየቀኑ የተጣለውን እንቁላልና የተበላውን መኖ በደብተር መመዝገብ ነው። በቀን የሚጣለው ከ38 ወደ 30 ቢወርድ የአንዱ እንቁላል የመኖ ወጪ በ2 ብር ገደማ ያሻቅባል፤ ደብተር የሌለው አርቢ ግን ይህን የሚያውቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።