ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ዓረቦኑን ይጠይቁ

መኪና ገዢ ሞተር ያስነሳል፣ ቦዲ ይዳብሳል፣ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። የኢንሹራንሱን ዋጋ የሚጠይቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም ካዛወረ በኋላ ነው። በአንድ ዋጋ የተገዙ ሁለት መኪኖች ግን የሚያስከፍሉት ዓረቦን አንድ ላይሆን ይችላል።

በአዋጅ የግድ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ክፍያው በታሪፍ የተወሰነ በመሆኑ ብዙም አያነጋግርም። ልዩነቱ የሚሰፋው በሙሉ ዋስትና ላይ ነው። ድርጅቱ በመጀመሪያ የመኪናውን የገበያ ዋጋ ያያል፤ ከዚያም ሊብሬውን ገልጦ ዓይነቱን፣ አገልግሎቱን፣ የተሠራበትን ዓመትና የሞተሩን ሲሲ ይመለከታል።

ዓይነቱ የሚታየው ለጥገናው ወጪ ሲባል ነው። መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኝ መኪና ቢጋጭ በቀላሉ ይጠገናል፤ ፍሬቻው ከውጭ ታዝዞ የሚመጣ ከሆነ ግን ትንሽ ግጭትም ብዙ ያስወጣል። ቀኑን ሙሉ ሰው ወይም ጭነት የሚያመላልስ መኪናም ከቤት መኪና ይልቅ ለአደጋ ስለሚጋለጥ ዓረቦኑ ከፍ ይላል።

የሞተር ጉልበት በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው ፍጥነቱ ነው። ሁለተኛው ግብሩ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ እስከ 1,300 ሲሲ ባለው አዲስ አውቶሞቢል ላይ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ ባለው ላይ 60 በመቶ ጥሏል። ግብሩ የመኪናውን ዋጋ ሲያንር፣ በዋጋው ላይ የሚሰላው ዓረቦንም አብሮ ይንራል።

እንበልና 1,800,000 ብር የሚያወጡ ሁለት መኪኖች ዓይንዎ ውስጥ ገብተዋል፤ አንዷ ትንሽ የቤት መኪና፣ ሌላው በዕድሜ የገፋ ባለ ትልቅ ሞተር። ለመጀመሪያዋ 1.5 በመቶ፣ ለሁለተኛው 2.2 በመቶ ቢጠየቁ ክፍያው 27,000 እና 39,600 ብር ይሆናል። በየዓመቱ የ12,600 ብር ልዩነት ነው፤ በአምስት ዓመት 63,000 ብር ይደርሳል።

አሮጌ መኪና ዋጋው ስለሚያንስ ዓረቦኑም የሚቀል ይመስላል። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ከፍ ያለ መቶኛ ሊጠይቅ፣ ሙሉ ዋስትና ሊከለክል ወይም አዲስ ዕቃ ሲተካ የእርጅና ተቀናሽ ሊያነሳ ይችላል። ይህን ሽሽት የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብም አያዋጣም። 1,800,000 ብር የሚያወጣውን በ900,000 ካስገቡትና 200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ፣ ድርጅቱ ግማሹን ብቻ ሊከፍልዎ ይችላል፤ በውሉ ያለው ተቀናሽም ከዚያው ላይ ይነሳል።

ስለዚህ ከሻጩ የሊብሬውን ኮፒ ይቀበሉና ቢያንስ ሦስት ድርጅቶች ዘንድ ዋጋ ያስወጡ። የመድኑ ዋጋ፣ ሽፋኑና ተቀናሹ አንድ ዓይነት መሆኑን ሳያረጋግጡ ዓረቦን አያወዳድሩ። ቀብዱን ከዚያ በኋላ ይክፈሉ።