አንድ ስም፣ ብዙ ፊደል፦ የደንበኞችን መዝገብ ማጥራት

አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በዱቤ የሚሸጥላቸውን ደንበኞች በኮምፒዩተር መዝግቦ ይዟል እንበል። ጸሐፊዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም እንደየልማዳቸው ይጽፋሉ። ለማስረጃ ያህል የፈጠርናቸውን አምስት መስመሮች እንመልከት።

1. ፀሐይ ኃይሉ፣ 0900 00 00 12
2. ጸሀይ ሃይሉ፣ 900000012
3. ፀሃይ ኃይሉ፣ +251-900-000-012
4. ፀሐይ ኃይሉ፣ 0900 00 00 47
5. ዮናስ ኃይሉ፣ 00251900000012

ለመሆኑ በዚህ መዝገብ ውስጥ ስንት ሰዎች አሉ? የዓይንን ምስክርነት ብቻ የተቀበለ ሰው 1ኛውንና 4ኛውን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል፤ 1ኛውንና 2ኛውን ግን ይለያያቸዋል። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ የአንዷ ዕዳ በሌላዋ ላይ ይጻፋል።

መነሻው ፊደላችን ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ሃ፣ ሓ እና ኃም እንዲሁ ይነበባሉ። ፀ ከጸ፣ ሠ ከሰ፣ ዐ ከአ ጋር እንደዚሁ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ «ፀሐይ» በ2 ጊዜ 6፣ ማለትም በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። «ኃይሉ» 6 መልክ ስላለው ሙሉ ስሙ 72 አጻጻፍ ይኖረዋል ማለት ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ ድምፅ አይሰማም፤ በዩኒኮድ ሥርዓት ሀ U+1200፣ ሐ U+1210፣ ኀ U+1280 የተባለ የየራሱ ቁጥር ስላለው ሦስቱን እንደ ባዕዳን ይቆጥራቸዋል።

ሥራው የሚጀመረው የመጀመሪያውን መዝገብ ሳይነኩ ከጎኑ አዳዲስ ዓምዶችን በመክፈት ነው። ስሙ በB፣ ስልኩ በC ዓምድ ካለ፣ በኤክሴል ትርፍ ክፍተቶችን የሚያስወግደው ቀመር የሚከተለው ነው።

```
=TRIM(SUBSTITUTE(B2,UNICHAR(160)," "))
```

TRIM ከስሙ ፊትና ኋላ ያለውን ክፍተት ያጠፋል፤ በመካከል የተደራረበውንም ወደ አንድ ያወርዳል። ሆኖም ከድረ ገጽ የተቀዳ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ 160 የሆነ ሌላ ዓይነት ክፍተት ይዞ ይመጣል። ለዓይን ልዩነት ባይኖረውም TRIM አያውቀውም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በተራው ክፍተት ይተካል።

ቀጥሎ የማነጻጸሪያ ቁልፍ ይዘጋጃል። ከተጣራው ስም ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ በ SUBSTITUTE ወደ አንድ ወኪል እንለውጣለን፤ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃ ወደ ሀ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። እያንዳንዱ የፊደል እርባታ የራሱ ቁጥር ስላለው ሑን ወደ ሁ፣ ሒን ወደ ሂ መለወጥም አይዘነጋም። በመጨረሻ ክፍተቱ ሁሉ ይወጣል፤ ይህም «ገብረ ማርያም» እና «ገብረማርያም» እንዲገናኙ ይረዳል። ከ1 እስከ 4 ያሉት መስመሮች ቁልፋቸው «ጸሀይሀይሉ» ይሆናል። ቁልፉ ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ በደብዳቤና በደረሰኝ ላይ የሚወጣው ባለቤቱ የሚጽፈው ስም ነው።

ስልኩ ሌላ ጠባይ አለው። ኤክሴል 0900000012ን እንደ ብዛት ስለሚቆጥረው የፊተኛውን ዜሮ ይጥላል፤ የ2ኛው መስመር ጉድለት ከዚህ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ስልክ ከአገር መለያው 251 እና ከመነሻው ዜሮ በቀር 9 አኃዝ ነው። ስለዚህ ክፍተትን፣ ሰረዝንና የመደመር ምልክትን አውጥተን ውጤቱን በE ካኖርን በኋላ የመጨረሻዎቹን 9 አኃዞች እንወስዳለን።

```
="251"&RIGHT(E2,9)
```

ከዚህ በፊት ግን በ LEN(E2) ርዝመቱ ይመርመር። 9፣ 10፣ 12 ወይም 14 ከሆነ ደኅና ነው። 20 ከሆነ በአንድ ሳጥን ሁለት ስልክ ተጽፏል፤ ቀመሩ አንዱን በዝምታ ይጥለዋልና በእጅ መለየት ያሻል። 8 ከሆነ አንድ አኃዝ ጎድሏል፤ በግምት አይሞላም።

አሁን ቁልፉንና ስልኩን እናጣምር። 1፣ 2 እና 3 በሁለቱም ይገጥማሉ፤ አንድ ደንበኛ ናቸው። 4ኛዋ በስም ብትገጥምም ስልኳ ሌላ ነው። 5ኛው በስልክ ቢገጥምም ስሙ ሌላ ነው፤ ምናልባት የአንድ ቤት ሰዎች በአንድ ስልክ ይጠቀሙ ይሆናል። አምስቱ መስመሮች ሦስት ደንበኞች ሆኑ።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። «መሐመድ» እና «ሙሐመድ» በድምፅም ስለሚለያዩ ቁልፉ አያገናኛቸውም። ስልኳን የቀየረች ደንበኛም ሁለት ሆና ትቀራለች፤ 4ኛዋ እንዲህ ያለች ልትሆን ትችላለች። ስለሆነም በአንዱ ብቻ የሚገጥሙት ተለይተው ይዘረዘራሉ፤ ደውሎ የሚጠይቅ ሰውም ይመደብላቸዋል። ተነጥሎ የቀረን መዝገብ ነገ ማዋሃድ ይቻላል፤ የተቀላቀለን ዕዳ መለየት ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው።