ላይቩ ሲያበቃ ማስረጃው ምን ይሆናል?
ከብት በፌስቡክ ቀጥታ ስርጭት ለሚሸጡና ለሚገዙ ነጋዴዎች

አንድ የሞያሌ ነጋዴ 14 የቦረና ሰንጋዎችን በፌስቡክ ላይቭ ለገዢዎች አሳየ እንበል። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኢሲዮሎ ያለ ገዢ የጆሮ ቁጥሩ 0417 የሆነውን ቀይ ሰንጋ ወደደው። በኮሜንት «85 ሺህ» ብሎ ጻፈ፤ ሻጩም በአውራ ጣት ምልክት መለሰለት። ቀብድ ተላከ፤ ሰንጋውም ተጭኖ ሄደ። ከ40 ቀን በኋላ ገዢው ደውሎ «ላይቭ ላይ ያየሁት ሰንጋ ይህ አይደለም፤ ያኛው አያነክስም ነበር» ይላል። ሻጩ ቪዲዮውን ከፍቶ ሊያሳየው ፔጁ ውስጥ ቢገባ ቪዲዮው የለም። ማንም አልሰረቀውም፤ ፌስቡክ ራሱ አጥፍቶታል።

ከየካቲት 2025 ወዲህ በፌስቡክ የሚተላለፍ አዲስ ላይቭ ፔጁ ላይ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። ቀደም ሲል ቅጂው ባለቤቱ እስኪያጠፋው ድረስ ይቀመጥ ስለነበር ብዙ ነጋዴ ዛሬም እንደዚያው ይመስለዋል። የከብት ንግድ ክርክር ደግሞ በ30 ቀን አያልቅም። ለማድለብ የተገዛ ሰንጋ በረት ውስጥ እስከ ሦስት ወር ይቆያል፤ ጉድለቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እዚያ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ላይቩ እንዳበቃ የፔጁ ባለቤት ቪዲዮውን ከፍቶ በላይ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይነካና Download የሚለውን መርጦ ወደ ስልኩ ወይም ወደ ኮምፒውተሩ ያወርደዋል። ፔጁ ላይ እንዲቆይ ከፈለገ የወረደውን ፋይል እንደ ተራ ቪዲዮ መልሶ መጫን ይችላል፤ የ30 ቀኑ ገደብ የሚመለከተው የላይቭ ቅጂን ነውና።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የሚወርደው ፋይል ምስሉና ድምፁ ብቻ ነው። በስርጭቱ ጊዜ ከሥር ሲንሸራተቱ የነበሩት ኮሜንቶች የቪዲዮው አካል ስላልሆኑ አብረው አይወርዱም፤ ላይቩ ሲጠፋም አብረውት ይጠፋሉ። ስለዚህ የኢሲዮሎው ገዢ የጻፈው «85 ሺህ» ቪዲዮው ቢወርድ እንኳ በውስጡ አይገኝም። የሻጩ የአውራ ጣት ምልክትም እንዲሁ።

በዚህ ምክንያት ስምምነት በጽሑፍ ብቻ ተደርጎ መቅረት የለበትም። ሻጩ ካሜራውን መጀመሪያ ወደ ጆሮ ቁጥሩ አስጠግቶ ይይዛል፤ ሰንጋውን ጥቂት እርምጃ ያስኬደዋል። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቁጥር 0417፣ ቀይ ሰንጋ፣ በ85 ሺህ የኬንያ ሽልንግ፣ ለኢሲዮሎው ገዢ ተሽጧል፤ ዛሬ ቀኑ ይህ ነው» ይላል። ይህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ነገር ግን ከቪዲዮው ጋር ይቀመጣል። ገዢውም በሻጩ ፋይል ብቻ መተማመን የለበትም። የማውረድ መብቱ የፔጁ ባለቤት ስለሆነ፣ ገዢው ኮሜንቱንና የሻጩን መልስ በስክሪንሾት ያነሳል፤ ስምምነቱ የተነገረበትን ክፍል ደግሞ በስልኩ የስክሪን መቅጃ ይቀዳል።

ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው ስርጭቱ እየተካሄደ ሳለ ነው። ሻጩ ሰንጋ ሲያሳይ ዓይኑ ኮሜንት ላይ አይደለም። በዚያ መሃል የሻጩን ስምና ፎቶ አስመስሎ የተከፈተ አካውንት «ቀብድ በዚህ ቁጥር ላኩ» ብሎ የራሱን ቁጥር ይለጥፋል። ፌስቡክ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ 60 ቀን ያልሞላው አካውንት ወይም 100 ተከታይ የሌለው ፔጅ ላይቭ እንዳይገባ ይከለክላል። ይህ ግን አስመሳዩ ትናንት ከፍቶ ዛሬ ኮሜንት እንዳይጽፍ አያግደውም።

ሻጩ ላይቭ እንደገባ የራሱን ስልክና የኤም-ፔሳ ቁጥር በኮሜንት ጽፎ Pin comment በሚለው ከላይ ያሰቅለዋል። በድምፅም «ከዚህ ቁጥር ሌላ የለኝም» ብሎ ደጋግሞ ይናገራል። ከዚያ በላይ ጥበቃ ከፈለገ፣ በላይቭ ማስተካከያው ውስጥ ኮሜንት መጻፍ የሚችሉት የፔጁ ተከታዮች ብቻ እንዲሆኑ ማድረግ ይችላል። አንድ ሰው በ10 ሴኮንድ ከአንድ ኮሜንት በላይ እንዳይጽፍ የሚያደርግም ምርጫ አለ፤ ብዙ ገዢ በአንድ ጊዜ ዋጋ ሲጠራ ይህኛው ይጠቅማል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሌላ ሰው ኮሜንቱን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። የፔጁ ባለቤት አንድን የሚያምነውን ሰው፣ ልጁን ወይም ሸሪኩን፣ የላይቭ ኮሜንቶችን ብቻ እንዲቆጣጠር መሾም ይችላል። ይህ ሰው የፔጁን የይለፍ ቃል ማወቅ አያስፈልገውም።

ተቆጣጣሪው የHideን እና የDeleteን ልዩነት ማወቅ አለበት። Hide የተደረገ ኮሜንት ከሌሎች ይሰወራል እንጂ ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ መታየቱን ይቀጥላል። Delete ሲደረግ ግን ከሁሉም ዓይን ይጠፋል። የሐሰት የገንዘብ ቁጥር ከሆነ መጀመሪያ ስክሪንሾት ተነስቶ መሰረዝ፣ አካውንቱም መታገድ አለበት።

ሦስተኛው ጉዳይ ማን ይጠራል የሚለው ነው። ላይቭ ሲጀመር ለሁሉም ተከታይ ማሳወቂያ አይደርስም። ፌስቡክ የሚመርጠው በአብዛኛው በቅርቡ ፔጁን ያየውን፣ ኮሜንት የጻፈውን ወይም የወደደውን ሰው ነው። በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚገዛ የናይሮቢ ደንበኛ ምንም ላይደርሰው ይችላል። ደንበኛው ፔጁ ውስጥ ገብቶ የላይቭ ማሳወቂያውን ሁሉንም እንዲያሳውቀው ካስተካከለ ችግሩ ይቃለላል። ሻጩም ላይቩን አስቀድሞ ቀጠሮ ቢያስይዝለት ማስታወሻ ለጠየቁ ሰዎች ስልካቸው ላይ ጥሪ ይደርሳል።

በሰዓቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛም ሆነ በስዋሂሊ «ሦስት ሰዓት» የሚባለው ጠዋት፣ ፌስቡክ ላይ 9:00 AM ተብሎ ነው የሚሞላው። 3:00 ብሎ የሞላ ሰው ደንበኞቹን ለሌሊት ወይም ለከሰዓት ይጠራቸዋል።

ኔትወርክ ተቋርጦ ላይቩ ቢዘጋና ሻጩ እንደገና ቢጀምር፣ ሁለተኛው ራሱን የቻለ ሌላ ቪዲዮ ነው። የመጀመሪያው ኮሜንትና ከላይ የተሰቀለው ቁጥር ወደ አዲሱ አይሻገሩም። ቁጥሩ እንደገና መሰቀል፣ ሁለቱም ቅጂዎች መውረድ አለባቸው።

ወደ ሞያሌው ነጋዴ እንመለስ። ሰንጋው ሲሄድ ቀርጾ፣ ቁጥሩንና ዋጋውን በድምፅ ተናግሮ፣ በዚያው ምሽት ቪዲዮውን በስልኩ ሜሞሪ ካርድ ላይ አውርዶ ቢሆን ኖሮ፣ በ40ኛው ቀን ክርክሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ሰንጋው ሞያሌ ላይ ጤነኛ ከነበረ ጉዳቱ የመንገድ ነው፤ እዚያም ያነክስ ከነበረ ሻጩ ይካሳል። አሁን ግን ሁለቱም የያዙት ቃላቸውን ብቻ ነው፤ የሚዳኛቸውም ቪዲዮው ሳይሆን የሚያውቃቸው ደላላ ይሆናል።