ከንፈርን የሚከተል አማርኛ

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምር የቱርክ ድራማ ገጸ ባሕርያት አማርኛ እየተናገሩ ሳሎናችን ገቡ። አፍና ድምፅ አልገጥም ሲል ተመልካች ተዋናዩን ያማል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቃናውም የሚበላሸውም ተዋናዩ ማይክራፎን ፊት ከመቆሙ በፊት፣ ጽሑፉ ላይ ነው።

ጸሐፊው እያንዳንዱን ድምፅ ከከንፈር ጋር ማጋጠም አይጠበቅበትም። «ከ»፣ «ነ»፣ «ረ» የሚፈጠሩት አፍ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ ብዙም አይለዩም። ዓይን የሚይዘው ከንፈር ግጥም የሚልባቸውን «በ»፣ «መ» እና «ፐ»ን፣ ከንፈር የሚሞጠሞጥባቸውን እንደ «ቱ» እና «ቶ» ያሉትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንግግሩ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቅጽበት ነው። በቴሌቪዥን አንድ ሰከንድ በ25 ምስሎች ይከፈላል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመዘኛ መሠረት ድምፅ ከምስሉ በ45 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በአንድ ምስል ያህል ከቀደመ ተመልካች ይነቃል። ከዘገየ ግን እስከ 125 ሚሊሰከንድ ድረስ ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ አፍ ሳይከፈት ድምፅ ከሚሰማ ትንሽ ቢዘገይ ይሻላል።

አንድ ትዕይንት እናስብ። ወንድሟ የሞተባትን ሴት አንድ ጎረቤቷ ሊያጽናናት መጥቷል። ካሜራው ፊቱ ላይ ተጠግቷል። በቱርክኛ የሚላት «ባሽን ሳ ኦልሱን» ነው፤ ቃል በቃል «ራስሽ ደህና ይሁን» እንደማለት ነው። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ስለሚደርስ ጸሐፊው እጅ ላይ የሚገባው ደረቅ የሐዘን መግለጫ ይሆናል። እሱን ተከትሎ «ስለደረሰብሽ ሐዘን አዝናለሁ» ቢጽፍ ለቅሶ ቤት ሳይሆን ከመሥሪያ ቤት የተላከ ደብዳቤ ይመስላል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሰው የሚለው ነው። ነገር ግን ቱርክኛው የሚጀምረው ከንፈርን በሚያጋጥመው «ባ» ሲሆን የእኛው በ«እ» ይጀምራል፤ የተዋናዩ ከንፈር ተዘግቶ ሳለ ድምፅ ይሰማል። ቁመቱም ይረዝማል። ከዚህ ይልቅ «መጽናናቱን ይስጥሽ» ቢባል «መ» በ«ባ» ቦታ ልክ ይገባል። ቱርክኛው በአፍ 5 ቀለም ነው፣ አማርኛው 6፤ ተዋናዩ ጥቂት ፈጠን ቢል ይበቃል። ገጸ ባሕርያቱ ሙስሊሞች ከሆኑም አባባሉ የፈጣሪን ስም ስለማይጠራ ጆሮ አይጎረብጥም።

ሁልጊዜ ግን አማርኛው አይረዝምም። ግሳችን ተናጋሪውንም ተነጋሪውንም ጠቅልሎ ስለሚይዝ አንዳንዴ ቀድሞ ያልቅና አፍ ባዶውን ሲንቀሳቀስ ይቀራል። «ሳና ሶይለመየጀዪም» 8 ቀለም ነው። ትርጉሙ «አልነግርሽም» ሲሆን 4 ብቻ ነው። መጨረሻቸው ላይ ሁለቱም በ«ም» ይዘጋሉ፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የጎደለውን ለመሙላት ሰነፍ ጸሐፊ «እንግዲህ»ን እና «እኮ»ን ይደረድራል። «ይሄን ላንቺማ አልነግርሽም» ቢል ግን ቀለሙ 9 ይሆናል፤ የ«ላንቺማ» «ማ»ም ቱርክኛው «መ» በሚልበት አምስተኛ ቀለም ላይ ትወድቃለች። እርግጥ «ማ» ቂም ያለበት ቃና ትጨምራለች። ተናጋሪዋ ካልተቀየመች ሌላ መሙያ መፈለግ ግድ ነው።

ከንፈር ይቅርና ምስሉም የማይናገረው ነገር አለ። ቱርክኛ «አንተ»ን ከ«አንቺ» አይለይም፤ «እሱ»ን ከ«እሷ»ም አይለይም። አማርኛ ግን ያለ ጾታ ግሱን እንኳ መጨረስ አይችልም። ስለዚህ ስልክ የደወለው ማን እንደሆነ ሦስት ክፍል ቆይቶ የሚገለጥ ከሆነ ጸሐፊው አስቀድሞ እስከዚያ ማየት አለበት። ያለበለዚያ ምስጢሩን በአንዲት «ች» ያወጣዋል። ማክበሩም እንዲሁ ነው። ቱርክኛ ለትልቅ ሰው «ሲዝ»፣ ለእኩያ «ሰን» ይላል፣ እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ይደመስሳቸዋል። ምራት አማቷን «አንቺ» ብላ ስትጠራ ከሰማችሁ፣ ጸሐፊው ከእንግሊዝኛው ብቻ መሥራቱን መጠርጠር ትችላላችሁ።

ልምድ ያለው ጸሐፊ ካሜራው የሚሰጠውንም ዕረፍት ይጠቀማል። ተናጋሪው ጀርባውን ሲሰጥ፣ ከሩቅ ሲታይ፣ ወይም ምስሉ ወደ አድማጩ ሲዞር ረጅሙን ማብራሪያ እዚያ ያሳልፋል። ፊት ሲቀርብ ደግሞ ጽሑፉን ያጠብቃል። ሲቃን፣ ሳቅንና ትንፋሽን ሳይቀር ከነሰዓቱ ይጽፋል፤ ካልተጻፈ ስቱዲዮ ውስጥ ይረሳል።

በመጨረሻ ሁለት ፈተና ይቀራል። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቶ ምስሉን እያየ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ምላሱ የሚደናቀፍበት ቦታ ተዋናዩንም ያደናቅፋል። ቀጥሎ ማያውን አጥፍቶ ንግግሩን ብቻ ያዳምጣል። ከንፈር ገጥሞለት ሰው የማይለው ዓረፍተ ነገር ከተገኘ የሚሰረዘው ዓረፍተ ነገሩ ነው፤ አንዲት «በ» ከቦታዋ ብትንሸራተት ተመልካች ይቅር ይላል፣ እንግዳ አማርኛን ግን አይምርም።