ሳይቀልጥ የሚነሳው አይስክሬም

በማስታወቂያ ላይ የምናየው አይስክሬም አንዳንዴ አይስክሬም አይደለም። ጉዳዩ በ1965 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ሳይቀር ተነስቷል። ፍርድ ቤቱ አንድ የጢም መላጫ ክሬም ማስታወቂያ አታላይ ነው ብሎ ሲፈርድ፣ በአይስክሬም ፋንታ የተፈጨ ድንች ማሳየትን ግን ለይቶ አየው፤ ድንቹ ስለ ምርቱ ለሚባለው ነገር እንደ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ችግር የለውም አለ።

ዛሬ ተተኪው የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ከስኳር ዱቄት፣ ከሚረጋ የአትክልት ቅቤና ከበቆሎ ሽሮፕ ነው። እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይታሻል፣ ከዚያ በአይስክሬም ማንኪያ ይዛቃል። ቀኑን ሙሉ መብራት ሥር ቢቀመጥ አይቀልጥም። የሚሸጠው ዕቃ ራሱ አይስክሬሙ ከሆነ ግን መነሳት ያለበት እውነተኛው ነው። ያን ጊዜ ተተኪው ቦታ ጠባቂ ይሆናል፦ ካሜራውና መብራቱ የሚስተካከሉት በእሱ ላይ ነው።

እውነተኛው ቀድሞ ይዛቃል። ማንኪያው በአይስክሬሙ ገጽ ላይ ረዘም ተደርጎ ሲጎተት ድቡልቡሉ ሻካራ ይሆናል፤ ከሥሩም እንደ ነጠላ ዘርፍ የተበጣጠሰ ጠርዝ ይወጣለታል። ከዚያ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚቀዘቅዘው ደረቅ በረዶ ይደድራል። ደረቅ በረዶ በባዶ እጅ አይነካም፣ አየር በማይዘዋወርበት ክፍልም አይከፈትም።

ድቡልቡሉ ከደረቅ በረዶው ሲወጣ በመጀመሪያ አመዳይ ይለብሳል፤ ያን ጊዜ ቢነሳ ጠመኔ ይመስላል። ጥቂት ሲቆይ አመዳዩ ይጠፋል፣ ቆይቶ ደግሞ ገጹ ውሃ አዝሎ ያብለጨልጫል። ፎቶው የሚነሳው በሁለቱ መካከል ነው። ዘርፉ ከዶለዶመ ጊዜው አልፏል፤ ሌላ ድቡልቡል ይወጣል።

መብራቱ ከኋላ በኩል፣ ወደ አንድ ጎን ዘወር ብሎ ይመጣል። መስኮት ላይ የተዘረጋ ስስ ነጭ መጋረጃ ይበቃል፤ ፊት ለፊት የቆመ ነጭ ካርቶን ደግሞ ጥላውን ያሳሳል። ስቱዲዮ ውስጥ ከሚያግል አምፖል ይልቅ ፍላሽ ይመረጣል።

ሶሱ መጨረሻ ይፈስሳል። ትኩስ ቸኮላታ አይስክሬሙን ቦርቡሮ ይገባል፤ ስለዚህ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ከማንኪያ ላይ በዝግታ መውረድ አለበት። ጥቂት የበቆሎ ሽሮፕ ቢገባበት የኋላው ብርሃን ላዩ ላይ አንድ ረጅም ነጭ መስመር ይሠራል። ሶሱ የሚያምረው በዚያ መስመር ነው። መስመሩ ከተቆራረጠ መጀመሪያ የሚነካካው ሶሱ አይደለም፤ መብራቱ ነው።